ዋጋው ያለበት ሴል ላይ ዶላሩ የት ይግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ አሳ አስጋሪዎች ማህበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። እያንዳንዱ አባል ያመጣውን ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ በኪሎ ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ። የኪሎ ዋጋው ከላይ አንድ ረድፍ ላይ ነው ያለው። ኪሎውን በዋጋው አባዝቼ ቁልቁል ስጎትተው ቁጥሩ ይዘባረቃል። «ዶላር አስገቢበት» አሉኝና $B$2 አደረግኩት። ቁልቁል ተስተካከለ። ወደ ጎን ስጎትተው ግን አምባዛውም ቢልጫውም በቆሮሶ ዋጋ ተሰላ። F4 ተጫኚ ይሉኛል፤ እኔ ስጫነው የላፕቶፑ ድምፅ ነው የሚቀንሰው። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት? እህትህ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ አንድ ዶላር በዝቶብሻል። $B$2 ያልሽውን B$2 አድርጊው። ከፊደሉ በፊት ያለው ይውጣ፣ ከቁጥሩ በፊት ያለው ይቆይ። ከዚያ ወደ ጎንም ቁልቁልም ጎትቺው፣ ይሠራል። የዛሬን ሒሳብ ለመዝጋት ብቻ ከሆነ የቸኮልሽው፣ እዚህ ላይ ማቆም ትችያለሽ። ግን ለአባላቱ ተቀናሽ የምትሠሪበት ሠንጠረዥ ላይ ስትደርሺ ይኼው ችግር ፊቱን አዙሮ ይመጣብሻል። ያኔ B$2 የሚለው መልስ አይሠራልሽም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የአንቺን ሠንጠረዥ የሚመስል ትንሽ ምሳሌ ይኸውልሽ። ዋጋው ለስሌት እንዲመች ያስቀመጥኩት ነው፣ የገበያውን ዋጋ አንቺ ታውቂዋለሽ።

```
     A        B      C      D
1    አባል     ቆሮሶ    አምባዛ   ቢልጫ
2    ዋጋ      200    150    180
3    አንደኛ    12     8      5
4    ሁለተኛ    9      10     4
5    ሦስተኛ    15     6      7
```

ብሩ ከ E እስከ G ባሉት ዓምዶች ይወጣል። E የቆሮሶ ብር፣ F የአምባዛ፣ G የቢልጫ። E3 ላይ መጀመሪያ የጻፍሽው ይህን መሆን አለበት፦

```
=B3*B2
```

12 ሲባዛ በ200፣ 2400። ልክ ነው። ወደ ጎን ብትጎትቺውም ልክ ነው፤ F3 ላይ C3*C2 ይሆናል፣ 8 በ150፣ 1200። ቁልቁል ስትጎትቺው ግን E4 ላይ B4*B3 ይሆናል። ይህ ማለት የሁለተኛውን አባል ኪሎ በአንደኛው አባል ኪሎ አባዛሽ ማለት ነው። 9 በ12፣ 108። ኤክሴል ምንም አይልሽም። ቀይ ምልክት የለ፣ ጩኸት የለ። ኪሎ በኪሎ ተባዝቶ ብር ተብሎ ይቀመጣል።

ለምን እንዲህ ያደርጋል? ዶላር የሌለበት አድራሻ እውነተኛ አድራሻ ስላልሆነ ነው። E3 ላይ ሆነሽ B2 ስትይ ኤክሴል የሚይዘው «ከእኔ ሦስት ዓምድ ወደ ግራ፣ አንድ ረድፍ ወደ ላይ» የሚለውን ነው። ሰው ቤትሽን ሲጠይቅሽ «ከዚህ ሦስት በር አልፈህ በግራ» ማለትና «ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት» ማለት ይለያያል። የመጀመሪያው የሚሠራው አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ለቆመ ሰው ብቻ ነው። ፎርሙላውን ወደ E4 ስትወስጂው ቆሞ የሚናገርበት ቦታ ተቀየረ። «አንድ ረድፍ ወደ ላይ» ያኔ ዋጋው መሆኑ ቀርቶ የአንደኛው አባል ኪሎ ይሆናል።

ይህ አንጻራዊው አድራሻ ነው፤ ሥልጠና ላይ ሬላቲቭ ሲሉት ሰምተሽ ይሆናል። መጥፎ ነገር አይደለም። B3 እንዲህ መሆኑ ነው የሚጠቅምሽ፤ ፎርሙላው አንድ ረድፍ ሲወርድ የሁለተኛው አባል ኪሎ ራሱ ይመጣልሻል። ችግሩ ዋጋውም አብሮ መውረዱ ነው።

$B$2 ደግሞ ፍጹም አድራሻ፣ አብሶሉት የሚባለው ነው። ፊደሉም ቁጥሩም ተቸንክሯል። ፎርሙላውን የትም ውሰጂው፣ B2ን ያያል። ለዚህ ነው ቁልቁል የተስተካከለልሽ። ለዚህም ነው ወደ ጎን የተበላሸብሽ፤ F3 ላይ ስትደርሺ C3*$B$2 ሆነ፣ 8 ኪሎ አምባዛ በቆሮሶው 200 ተሰላ። 1200 መሆን ሲገባው 1600። የአንደኛው አባል ጠቅላላ 4500 መሆን ሲገባው 5000 ወጣ። የሦስቱን ብትደምሪ ማህበሩ በአንድ ቀን 1520 ብር ትርፍ ሊከፍል ነው። ይኼኛው ስህተት ከ108ቱ ይብሳል። 108 ብርን ያየ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። 5000 ብርን ያየ ግን እሺ ብሎ ይፈርማል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ቁልቁል ስትጎትቺ የሚቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ወደ ጎን ስትጎትቺ የሚቀየረው ፊደሉ ብቻ ነው። ዶላሩ ደግሞ የሚይዘው ከኋላው ያለውን አንዱን ነው። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ አድራሻ ለብቻው ሁለት ነገር ጠይቂ። ቁልቁል ስወርድ ይህ ቁጥር አብሮኝ ይውረድ ወይስ ይቅር? ወደ ጎን ስሄድ ይህ ፊደል አብሮኝ ይሂድ ወይስ ይቅር? ይቅር ያልሽው ፊት ዶላር ይገባል። በቃ።

በዋጋው ላይ እንሞክረው። ቁልቁል ስወርድ 2 አብሮኝ ይውረድ? አይ፣ ዋጋው ሁልጊዜ ረድፍ 2 ላይ ነው። ዶላር ይግባበት። ወደ ጎን ስሄድ B አብሮኝ ይሂድ? አዎ፣ አምባዛ ጋ ስደርስ የአምባዛውን ዋጋ እፈልጋለሁ። ዶላር አያስፈልገውም። መልሱ B$2። ኪሎውስ? ቁልቁል ይውረድ፣ ወደ ጎንም ይሂድ። ባዶውን B3 ይቆይ።

```
=B3*B$2
```

ይህ ቅይጥ አድራሻ ነው፣ ሚክስድ የሚሉት። ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል። ይህን አንድ ፎርሙላ E3 ላይ ጽፈሽ እስከ G3፣ ከዚያም ሦስቱን አንድ ላይ መርጠሽ እስከ G5 ጎትቺ። በአንድ ጊዜ በሰያፍ መጎተት አይቻልም፤ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ቁልቁል ነው። መጎተት ካሰለቸሽ ደግሞ ከ E3 እስከ G5 መጀመሪያ ምረጪ፣ ፎርሙላውን ጻፊ፣ ከዚያ ኢንተርን ብቻውን በመጫን ፋንታ Ctrl+Enter ተጫኚ። ዘጠኙም ሴል ይሞላል፣ እያንዳንዱ የራሱን አድራሻ አስተካክሎ።

ወጥቶ የምታዪው ይህ ነው፤ አንደኛው አባል 4500፣ ሁለተኛው 4020፣ ሦስተኛው 5160። H3 ላይ =SUM(E3:G3) ብለሽ ቁልቁል ጎትተሽዋል እንበል። እዚህ ምንም ዶላር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ብር ነው የሚደምረው።

አሁን ተቀናሹ። ብዙ ማህበር የሚቀንሰው ነገር አለው። ለምሳሌ I2 ላይ 5% ለማህበሩ፣ J2 ላይ 10% ለቁጠባ፣ K2 ላይ 2% ለመረብና ለጥገና አለ እንበል። እነዚህ ከዋጋው ጋር አንድ ረድፍ ላይ ናቸው። I3 ላይ የአንደኛውን አባል ጠቅላላ በ5% እናባዛለን። እንግዲህ ሁለቱን ጥያቄዎች እንደገና። I2 ቁልቁል ይቅር፣ ወደ ጎን ይሂድ፤ ስለዚህ I$2። H3ስ? ቁልቁል ይውረድ፣ ሁለተኛው አባል የራሱ ጠቅላላ አለው። ወደ ጎን ግን መሄድ የለበትም። ማህበሩም ቁጠባውም ጥገናውም የሚቀነሱት ከአንዱ ጠቅላላ ነው፣ እሱም H ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ዶላሩ ከ H በፊት።

```
=$H3*I$2
```

በአንድ ፎርሙላ ውስጥ አንዱ ፊደሉን፣ ሌላው ቁጥሩን ያሰረበት ነው። ከሚጎትቱ ሰዎች ብዙው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ስህተቱም አይጮህም። $Hን ረስተሽ =H3*I$2 ብትይ፣ I3 ልክ ነው፣ 225። J3 ላይ ግን I3*J$2 ይሆናል። ከ4500 አሥር በመቶ መውሰድ ሲገባው ከ225 አሥር በመቶ ይወስዳል። 450 መሆን የነበረበት 22 ብር ከ50 ይሆናል። K3 ደግሞ 45 ሳንቲም። የቁጠባ ደብተር ላይ 22.50 ገብቶ አባሉ ወር ሙሉ ላያየው ይችላል። በተቃራኒው ዶላሩን ከ I2 ብትረሺ፣ ቁልቁል I4 ላይ H4*I3 ይሆናል፤ 4020 ሲባዛ በ225፣ 904500። ይኼኛውን ማንም አያልፈውም። የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው።

በነገራችን ላይ የተጣራውን L3 ላይ =H3-SUM(I3:K3) ብለሽ ካወጣሽ፣ «ተቀናሹና የተጣራው ሲደመር ከጠቅላላው ጋር እኩል ነው» ብለሽ እንዳትረኪ። ተቀናሹ ተሳስቶም ቢሆን ሁልጊዜ እኩል ነው የሚመጣው፤ የተጣራው ከዚያው ከተሳሳተው ነው የተሠራው። ማጣሪያው ሌላ መንገድ መሆን አለበት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ F4 እንሂድ። ፎርሙላ ውስጥ F4 የሚሠራልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፎርሙላ እየጻፍሽ ወይም እያረምሽ ሳለ ከርሰሩ ያለበትን አድራሻ ዶላር እያፈራረቀ ያስገባል፣ ያወጣል። ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፦

```
B2 → $B$2 → B$2 → $B2 → B2
```

አንድ ጊዜ ሁለቱንም ያስራል፣ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ብቻ፣ ሦስት ጊዜ ፊደሉን ብቻ፣ አራተኛው ወደ ባዶው ይመልሳል። አልፈሽ ከሄድሽ አትጨነቂ፣ ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፎርሙላ እንዲህ ትጽፊዋለሽ፤ E3 ላይ = ብለሽ B3ን በማውስ ጠቅ፣ ከዚያ *፣ ከዚያ B2ን ጠቅ፣ ሳትወጪ F4 ሁለት ጊዜ፣ ኢንተር። ሁለተኛው ደግሞ፣ I3 ላይ =፣ H3ን ጠቅ፣ F4 ሦስት ጊዜ፣ *፣ I2ን ጠቅ፣ F4 ሁለት ጊዜ፣ ኢንተር። ትንሽ ከለመድሽው በኋላ ጣትሽ ራሱ ይቆጥራል።

አድራሻውን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ጠቅ ማድረጉን የምመክርሽ ለሌላም ነገር ነው። ኪቦርድሽ በአማርኛ ላይ ከሆነ B3 ልትይ ብለሽ ብ3 ይጻፋል። ኤክሴል ይህን የሴል አድራሻ አያደርገውም፣ #NAME? ይልሻል። የአባላቱን ስም በአማርኛ ጽፈሽ ወዲያው ወደ ፎርሙላ ስትሻገሪ የሚያጋጥም ነው። ጠቅ ካደረግሽ አድራሻውን ኤክሴል ራሱ ይጽፈዋል፣ ዶላሩንም F4 ያስገባዋል።

የተጻፈ ፎርሙላ ማረም ከፈለግሽ ሴሉን መርጠሽ F2 ተጫኚ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጊው። ከርሰሩ ፎርሙላው ውስጥ ብልጭ ድርግም ሲል ማረም ላይ ነሽ። F4 የሚነካው ከርሰሩ ያለበትን ወይም የነካውን አድራሻ ብቻ ነው። በ F2 ስትገቢ ከርሰሩ ፎርሙላው መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ =B3*B2 ላይ ከሆነ የሚቀየረው B2 ነው፣ ይህ የምትፈልጊው ነው። H3ን ለመቀየር ግን በቀስት ወደ H3 መመለስ አለብሽ።

ሙሉ ፎርሙላውን በማውስ ቀብተሽ F4 ብትጫኚ ውስጡ ያሉት ሁሉ ይቀየራሉ። ሰዎች ፈጣን ነው ብለው ያደርጉታል። =B3*B2 ላይ ይህን አድርገሽ ሁለት ጊዜ ብትጫኚ B$3*B$2 ይሆናል፣ ኪሎውም ታሠረ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ቁልቁል ስትጎትቺ E3፣ E4፣ E5 ሦስቱም 2400 ይሆናሉ። አንድ ቁጥር ቁልቁል እየተደጋገመ ካየሽ፣ መታሰር የሌለበት ነገር ታስሯል ማለት ነው። እንደ E3:G3 ያለ ከዚህ እስከዚያ የሚል አድራሻ ላይም ተጠንቀቂ፤ በ F2 ተመልሰሽ ገብተሽ ከርሰሩን G3 ጋ ብታደርጊ F4 የሚያስረው እሱን ብቻ ነው። ሁለቱንም ከፈለግሽ ሁለቱንም ቀቢ።

ማረም ላይ ሳትሆኚ F4 ብትጫኚ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ መጨረሻ ያደረግሽውን ነገር ይደግመዋል። ሴል ቢጫ ቀብተሽ ከነበር የቆምሽበትን ቢጫ ይቀባል። ይህ ምንም አይደል። መጨረሻ ያደረግሽው ረድፍ ማጥፋት ከነበረ ግን የቆምሽበትን ረድፍ ያጠፋዋል፤ የአንድ አባል ሙሉ መዝገብ ሊሆን ይችላል። Ctrl+Z ይመልሰዋል፣ ካየሽው። እንግዲህ መጀመሪያ F2፣ ቀጥሎ F4።

አሁን ድምፁ። ላፕቶፕሽ ላይ ምንም ብልሽት የለም። ብዙ ላፕቶፖች ላይ የላይኛው ረድፍ ቁልፎች ሁለት ሥራ አላቸው፤ ፋብሪካው ቅድሚያ የሰጠው ለድምፅና ለብርሃን ነው። ከታች በግራ በኩል Fn የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ይዘሽ F4 ተጫኚ፣ የኤክሴሉ F4 ይመጣል። ሁልጊዜ መያዙ ካሰለቸሽ በብዙዎቹ Fn+Esc ተራውን ይገለብጠዋል፤ Esc ቁልፉ ላይ ትንሽ የቁልፍ ጋን ስዕል ካየሽ ያንቺም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ F4 ያለ Fn ይሠራል፣ ድምፁን ለመቀነስ ነው Fn የምትይዢው። Fnን ስትፈልጊ Alt እንዳትይዢ ብቻ፤ Alt+F4 ኤክሴሉን ይዘጋዋል። «ላስቀምጥ?» ብሎ ከጠየቀሽ Cancel በይ። ማክ ላይ የሚሠራ ሰው ካለ Command+T ነው የሚጫነው። ጎግል ሺትስ በኮምፒውተር ላይ F4ን ያውቀዋል። ስልክ ላይ ግን F4 የለም፣ ዶላሩን በእጅ መጻፍ ነው። በእጅ የተጻፈ ዶላር ከ F4 ዶላር በምንም አይለይም፤ ቁልፉ እምቢ ቢልሽ Shift+4 ብለሽ ቀጥዪ።

ስለ ማጣሪያው ላልኩሽ። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛው፣ ጎትቼ ከጨረስኩ በኋላ ከጀመርኩበት በጣም የራቀውን ጥግ እከፍታለሁ። ባንቺ ሠንጠረዥ G5 ነው። እዚያ F2 ተጫኚ፤ ኤክሴል ፎርሙላው የሚያያቸውን ሴሎች በቀለም ይከባቸዋል። አንዱ ክብ D5 ላይ፣ የሦስተኛው አባል ቢልጫ ላይ መሆን አለበት። ሌላው D2 ላይ፣ የቢልጫ ዋጋ ላይ። ሁለቱም ቦታቸው ላይ ካሉ በመካከል ያሉትም ልክ ናቸው፣ ማንም በእጁ እስካልነካካቸው ድረስ። ዋጋው ክብ B2 ላይ ከቀረ ዶላር በዝቷል፣ D4 ላይ ከወረደ ዶላር ጎድሏል። አይተሽ ስትጨርሺ ኢንተር ሳይሆን Esc ተጫኝና ውጪ። የመጀመሪያውን ሴል ማየት አይጠቅምም፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ልክ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ነው። ረድፍ 6 ላይ ድምር አውጪ። የቆሮሶ ኪሎ 36፣ ዋጋው 200፣ ስለዚህ የቆሮሶ ብር ድምር 7200 መሆን አለበት። የአምባዛ 24 በ150፣ 3600። የቢልጫ 16 በ180፣ 2880። ይህን ከ E6፣ F6 እና G6 ጋር አነጻጽሪ። አንቺ $B$2 ያልሽበት ጊዜ F6 4800 ነበር የሚሆነው፣ እዚሁ ትይዢው ነበር። ለተቀናሹም እንዲሁ ነው። ጠቅላላው 13680፣ አሥር በመቶው 1368፤ J6 ይህን ካላለ $H ጎድሏል። ይህ ማጣሪያ የሚሠራው በሌላ መንገድ ስለመጣ ነው፣ በየአባሉ ሳይሆን በጥቅሉ።

ዶላሩ የማያደርገውንም ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ዶላር የሚሠራው ፎርሙላ ሲገለበጥ ወይም ሲጎተት ብቻ ነው። ከላይ አዲስ ረድፍ ብታስገቢ ዋጋው ወደ ረድፍ 3 ይወርዳል፣ ፎርሙላውም ራሱ B$3 ይሆናል፤ ይህ ልክ ነው፣ አትመልሺው። ፎርሙላውን Ctrl+X አድርገሽ ብታዛውሪውም ዶላር ኖረ አልኖረ አድራሻው አይቀየርም። ዶላር ሴሉን ከመነካትም አይጠብቀውም። ሰው መጥቶ B2 ላይ 210 ብሎ ቢጽፍ ይጻፋል፣ ሁሉም ሒሳብ አብሮ ይቀየራል።

ይህ የመጨረሻው ያንቺን ሥራ በቀጥታ ይነካል። በዓቢይ ጾም ገበያው ሲደራ የአሳ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። አንድ ሺት ላይ የሰኞንም የማክሰኞንም መዝገብ እየቀጠልሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት B2ን ወደ አዲሱ ዋጋ ብትቀይሪ የሰኞ ሒሳብም በአዲሱ ዋጋ ይሰላል። ከፍለሽ የዘጋሽው ብር ወረቀቱ ላይ አንድ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ለየቀኑ አንድ ሺት ያዢ። ከታች የሺቱን ስም Ctrl ይዘሽ ወደ ቀኝ ጎትቺው፣ ሙሉ ቅጂው ይወጣል። በአዲሱ ሺት ውስጥ ያለው B$2 የራሱን የአዲሱን ሺት B2 ነው የሚያየው፤ ኪሎውን አጥፍተሽ ዋጋውን ቀይሪ፣ የትናንቱ አይነካም። ሁሉንም አንድ ሺት ላይ ማየት ካለብሽ ግን ዋጋውን ከላይ አታስቀምጪው። በየረድፉ ቀኑንና የዚያን ቀን ሦስቱን ዋጋዎች ከኪሎው አጠገብ መዝግቢ። ያኔ ኪሎውም ዋጋውም በየረድፉ አብረው ስለሚወርዱ ለዋጋው ዶላር አያስፈልግሽም፤ የሚቀሩት የጠቅላላውና የተቀናሹ መቶኛ ዶላሮች ብቻ ናቸው።